የባልደረባን ረቂቅ ደብዳቤ ስለ መመርመር፦ አርባ ጆንያ ቡናና አንድ ኢሜይል



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ጠባብ ነው። አንድ ባልደረባ ለማያውቀው ሰው የሚልከውን ኢሜይል ረቂቅ ይዞ ሲመጣና «እስኪ እይልኝ» ሲል፣ የሚያየው ሰው ምን ማየት አለበት? የዚህ ዓይነት ልመና በየቢሯችን በየሳምንቱ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ የምናደርገው የፊደል ስሕተት ማረምና «ጥሩ ነው፣ ላከው» ማለት ነው። እኔ ግን ግልጽነትን፣ አግባብነትንና ተዓማኒነትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች የሰፈሩባት አንዲት የማረጋገጫ ዝርዝር አለችኝ። ዝርዝሯ እንዴት እንደምትሠራ የማሳያችሁ በአንድ ረቂቅ ላይ ነው። ረቂቁን ያዘጋጀው ባልደረባዬ ለዚህ መድረክ እንድጠቀምበት ፈቅዶልኛል፤ ስሙንና የማኅበሩን ስም ግን አላነሣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልደረባዬ በማኅበረሰብ አገልግሎት መርሐ ግብር ከማጂ አቅጣጫ ያለ አንድ አነስተኛ የቡና አምራቾች ማኅበርን ይረዳል። ማኅበሩ በዚያ ዓመት ከተለመደው በተሻለ ጥንቃቄ የተለቀመና በአልጋ ላይ የደረቀ ቡና ነበረው። ይህን ቡና ከተራው ጋር ተቀላቅሎ ከመሸጥ ለማዳን ውጭ አገር ያለ ገዢ ማግኘት አስፈለገ። ረቂቁ የተጻፈው በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቡናው ወደ አዲስ አበባ ካልወጣ በዚህ አገር እርጥበት መጋዘን ውስጥ ይከርማል፤ የከረመ ቡና ደግሞ ጣዕሙ ይደበዝዛል። ስለዚህ ጊዜ አልነበረም።

ረቂቁ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ፍሬ ቃሉን በአማርኛ አነብላችኋለሁ። የርእሱ መስመር «የትብብር ጥያቄ» ይላል። ከዚያ እንዲህ ይቀጥላል፦

«የተከበራችሁ ሆይ፣ ሰላምታችን ካላችሁበት ይድረሳችሁ። ማኅበራችን የቡና መገኛ በሆነችው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥንታዊ ደን ውስጥ የሚገኝ ሲሆን አባሎቻችን ታታሪ አርሶ አደሮች ናቸው። በአሁኑ ጊዜ የ2017 ምርት የሆነ 300 ፈረሱላ ምርጥ የጌሻ ቡና አለን። ቡናችን መቶ በመቶ ኦርጋኒክ ሲሆን በቅምሻ 86 ነጥብ አግኝቷል። ከድርጅታችሁ ጋር በግዢ፣ በሥልጠና፣ በመሣሪያ ድጋፍና በሌሎችም መስኮች የረጅም ጊዜ ትብብር ለመመሥረት እንፈልጋለን። ለተጨማሪ መረጃ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይደውሉልን። ፈጣን ምላሻችሁን በጉጉት እንጠብቃለን።»

ከሥሩ የማኅበሩ ስም አለ፤ የሰው ስም የለም። ዘጠኝ ፎቶግራፎች ተያይዘዋል። በተቀባይ ቦታ ላይ የ14 ድርጅቶች አድራሻ በአንድነት ተደርድሯል።

በዚህ ረቂቅ ውስጥ ሆን ተብሎ የተጻፈ ሐሰት የለም። እንግሊዝኛውም ደኅና ነበር። ነገር ግን ከላይ ያነበብሁት ጽሑፍ እዚህ ሚዛን ላይ ሲነበብ የሚሰጠው ትርጉምና ሐምቡርግ ወይም ሮተርዳም ላይ ሲነበብ የሚሰጠው ትርጉም አንድ አይደለም። የመርማሪው ሥራ በአብዛኛው ይህን ልዩነት ማግኘት ነው። ዝርዝሬን የምጠቀምበትም ሕግ ከዚህ ይመነጫል፦ ለአንድ ጥያቄ «አዎ» የምለው መልሱ ያለበትን ቃል በጣቴ ማመልከት ስችል ብቻ ነው። መልሱን የማውቀው ባልደረባዬን ስለማውቀው፣ ወይም አገሩን ስለማውቀው ከሆነ፣ መልሱ «የለም» ነው። ተቀባዩ እኛን አያውቀንምና።

ከአግባብነት ልጀምር፤ ተቀባዩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ኢሜይሉን የከፈተ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ እኔን ይመለከታል?» ብሎ ነው። በዝርዝሬ ላይ በዚህ ስር ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ደብዳቤ ለሌላ ሰው ቢላክ የሚቀየር ዐረፍተ ነገር አለው ወይ? በረቂቁ ውስጥ አንድም አልነበረም። ለ14 ሰው የተላከ መሆኑ ደግሞ ከአድራሻው መስመር ላይ በግልጽ ይታያል።

ባልደረባዬ አድራሻዎቹን ያገኘው ከአንድ የቡና ዐውደ ርእይ ዝርዝር ነው። አብረን ተቀምጠን እያንዳንዱን ድርጅት በየድረ ገጹ ተመለከትን። ግማሽ ቀን ወሰደብን። ጥያቄያችን ሦስት ነበር፦ ከኢትዮጵያ ይገዛሉ? ሳይታጠብ በደረቁ የተዘጋጀ ቡና ይገዛሉ? በትንሽ መጠን ይገዛሉ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙዎቹን አወጣቸው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በተለምዶ 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ይይዛል። በሙሉ ኮንቴይነር ብቻ የሚገዛ አስመጪ ከዚያ ያነሰ ቡና ላለው ማኅበር በትሕትና እንኳ መልስ ለመጻፍ ምክንያት የለውም። በሌላ በኩል አነስተኛ ቆይዎች ትንሽ ቡና ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ራሳቸው አያስመጡም። ለእኛ የሚሆነው የብዙ አምራቾችን ትንንሽ ጭነት በአንድ ኮንቴይነር አሰባስቦ ለቆይዎች የሚያከፋፍል አስመጪ ነው። ከ14ቱ አራት ቀሩ። ባልደረባዬ በመጀመሪያ ከፋው፤ «ጋሼ፣ ዐሥር ዕድል እኮ ጣልን» አለኝ። እኔ ግን ከአራቱ ለእያንዳንዱ አንድ የተለየ ዐረፍተ ነገር ልንጽፍ መቻላችንን ቆጠርሁ። ለአንዱ ለምሳሌ በሽያጭ ዝርዝሩ ላይ ከከፋ የመጡ ደረቅ ቡናዎች እንዳሉትና የእኛ ከዚያ በስተደቡብ ካለ አካባቢ እንደሚመጣ ጻፍን። ሌላ ሙገሳ አልጨመርንም።

ወደ ግልጽነት ስመጣ ጣቴ ያረፈው «300 ፈረሱላ» ላይ ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን በዚህ አዳራሽ የማያውቅ የለም፤ ውጭ ያለው ገዢ ግን ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። መጠኑን በኪሎና በ60 ኪሎ ጆንያ፣ ዋጋውን ደግሞ በፓውንድ ነው የሚያስበው። 300 ፈረሱላ 5,100 ኪሎ ነው፤ በ60 ሲካፈል 85 ጆንያ ይሆናል። ሒሳቡን ኅዳጉ ላይ ጻፍሁለትና አንድ ጥያቄ ጨመርሁ፦ «የምን 300 ፈረሱላ? የጀንፈል ነው ወይስ የተፈለፈለ?»

መልሱ «የጀንፈል» ሆነ። ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ያለውን የቆጠረው ከነገለባው ነው፤ በአካባቢው ንግድ ልማድ ይህ ምንም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ጀንፈል ሲፈለፈል የሚተርፈው የክብደቱ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ 85 የተባለው ጆንያ ወደ 42 ወረደ፤ ከለቀማና ከማበጠር በኋላ የሚወገደው ሲታሰብ በደኅና ቃል «40 ያህል» ማለት ይቻላል። ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ደብዳቤው ቢሄድና ገዢው 85 ጆንያ ቢያዝ ኖሮ፣ ማኅበሩ ግማሹን ብቻ ይዞ ሲቀርብ ማን ነው የሚያምነው? በገዢው ዓይን ይህ የመለኪያ ልዩነት መሆኑ ቀርቶ ውል ማፍረስ ይሆናል። መጠንን የሚመለከት ቁጥር ባየሁ ቁጥር ሁልጊዜ «የምን?» ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የግልጽነት ጉዳይ አጭር ቢሆንም ያሥቃል። «የ2017 ምርት» ይላል ረቂቁ። ረቂቁ የተጻፈው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ቡናው ከጥቅምት እስከ ጥር የተለቀመ ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ይህ አዲስ ምርት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ግን ደብዳቤው የሚደርሰው በ2025 ነው፤ አንባቢው የስምንት ዓመት ቡና ሊሸጡልኝ ነው ብሎ ያስባል። «የ2024/25 ምርት» ተብሎ ታረመ። «ከ3 እስከ 6 ሰዓት» የሚለውም እንዲሁ ነው። እኛ ጧት ማለታችን ነው፤ እነርሱ ከቀትር በኋላ ብለው ይደውላሉ፣ ያኔ ባልደረባዬ ክፍል ውስጥ ያስተምራል። ሰዓቱን ከነጭራሹ አወጣነው፤ በመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ስልክ እንዲደወልልን መጠበቅም ብዙ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄው ራሱ ነው። ረቂቁ የሚለምነው ግዢን፣ ሥልጠናን፣ መሣሪያንና «ሌሎች መስኮችን» ነው። አራት ነገር የተጠየቀ ሰው ለአንዱም አይመልስም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሻጭ ነው ወይስ ርዳታ ጠያቂ የሚለው ይምታታበታል። በዝርዝሬ ላይ «ተቀባዩ በአንድ መስመር ሊመልሰው የሚችል አንድ ጥያቄ አለ ወይ?» የሚል አለ። ባልደረባዬ በርግጥ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ቡናውን እንዲቀምሱት» አለ። እንግዲያው ጥያቄው ይኸው ነው፦ 300 ግራም ናሙና እንላክላችሁን? በየትኛው አድራሻ? ሥልጠናውና መሣሪያው ንግዱ ከተጀመረ በኋላ የሚነሣ ነው።

አሁን ረዘም አድርጌ የምቆይበት ተዓማኒነት ነው፤ ምክንያቱም በዚህ በኩል ያለ ጉድለት እንደ ፈረሱላው በሒሳብ አይታረምም። ረቂቁ ውስጥ ያሉትን ይገባኛል ባይ ቃላት አንድ በአንድ አወጣሁ፦ ጥንታዊ ደን፣ ታታሪ፣ ምርጥ፣ ጌሻ፣ ኦርጋኒክ፣ 86 ነጥብ። ለእያንዳንዳቸው የጠየቅሁት «ማየት ለሚፈልግ ሰው ምን እናሳየዋለን?» የሚል ነው። «ታታሪ» እና «ምርጥ» ወዲያው ወጡ፤ የሚያሳዩት ነገር የለምና።

«ጌሻ» ግን ከባድ ነበር። ቃሉ እውነት ነው። ማኅበሩ ያለበት ቀበሌ ጌሻ ከሚባለው ደን ብዙም አይርቅም፤ አካባቢው ሁሉ ቡናውን በዚያ ስም ይጠራዋል። የስሙን የውጭ ታሪክ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚህ ከማጂ አካባቢ የተሰበሰበ የቡና ዘር በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች በኩል አልፎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ገባ። በፓናማ ለብዙ ዓመታት ብዙም ትኩረት ሳያገኝ ኖሮ፣ በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ለውድድር ሲያቀርበው በጣዕሙ ዳኞቹን አስደነቀ፤ በጨረታም እስከዚያ ድረስ ባልተለመደ ዋጋ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ገበያ «ጌሻ» ሲባል የሚታሰበው ቦታ ሳይሆን ያ የተለየ ዝርያ ነው፤ ዋጋውም ከሌላው ቡና ጋር አይወዳደርም።

እንግዲህ አስመጪው «ጌሻ» የሚለውን ሲያነብ ከሁለት አንዱን ያስባል። ወይ ያ ውድ ዝርያ በእጃችሁ አለ ብሎ ያምናል፤ ናሙናውን ቀምሶ የጠበቀውን ሲያጣ ይቀየማል። ወይም ብዙ ሰው በዚህ ስም እንደሚነግድ ስለሚያውቅ ገና ከመጀመሪያው ይጠረጥራል። በሁለቱም መንገድ ማኅበሩ ይጎዳል። ባልደረባዬ እዚህ ላይ ጠንክሮ ተከራከረኝ። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ውሸት አይደለም። ስሙ ከእኛ የሄደ ነው። ፓናማዎች በስማችን ሲከብሩ እኛ ራሳችንን በስማችን እንዳንጠራ ሊከለክሉን ነው?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ፍትሕም አለበት። የአገር ስምን ባለቤትነት የሚመለከት ሙግት ኢትዮጵያ ከዚህ በፊትም በይርጋጨፌ፣ በሐረርና በሲዳሞ ስሞች ዙሪያ ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ገጥማ ታውቃለች፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በስምምነት አበቃ። ነገር ግን የአንድ ማኅበር የመጀመሪያ ኢሜይል ያን ሙግት የሚሸከም ትከሻ የለውም።

ያገኘነው መፍትሔ ስሙን መተው አልነበረም። እንዲህ ብለን ጻፍን፦ «ቡናው ከጌሻ ደን አካባቢ ነው። የአካባቢው ነባር ዝርያዎች ድብልቅ ነው፤ በፓናማ የታወቀው ዝርያ ነው አንልም፤ የዘር ምርመራም አላደረግንም።» በዚህች ዐረፍተ ነገር ማኅበሩ የቦታውን ስም ይዞ ይቀራል፤ አንባቢው ደግሞ ሻጩ የስሙን ታሪክ እንደሚያውቅና ሊያተርፍበት እንዳልፈለገ ይረዳል። በእኔ ግምት ከደብዳቤው ሁሉ ይበልጥ እምነት የሚያስገኘው ይህ መስመር ነው።

«መቶ በመቶ ኦርጋኒክ» የሚለውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። አባላቱ ማዳበሪያም ፀረ ተባይም አይጠቀሙም፤ በእኛ አነጋገር ኦርጋኒክ ነው። በአውሮፓ ገበያ ግን ቃሉ በሕግ የታጠረ ነው፤ የተመሰከረለት ምርት ብቻ ነው በዚያ ስም የሚሸጠው። ስለዚህ የሚሠሩትን ጻፍን፤ ቀጥለንም «የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት የለንም» አልን። ጉድለትን አስቀድሞ መናገር ለሻጭ ይከብዳል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የገዢ ጥያቄ «የምስክር ወረቀቱን ላኩልኝ» መሆኑ አይቀርምና፣ ከዚያ በኋላ ከመናገር በፊት መናገሩ ይሻላል።

«86 ነጥብ» ላይ የጻፍሁት ጥያቄ ሦስት ቃል ነበር፦ ማን? መቼ? ከየትኛው? በቡና ቅምሻ ከመቶ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ልዩ ጣዕም ካላቸው ይመደባል፤ 86 ጥሩ ውጤት ነው። የቀመሰው ሰው አዲስ አበባ ያለ ፈቃድ ያለው ቀማሽ መሆኑ ታወቀ። ጊዜውም ታኅሣሥ ነው። «ከየትኛው?» የሚለው ግን አሰናከለን። ናሙናው የተወሰደው በጣም ከተመረጠው ከአንድ የማድረቂያ አልጋ ላይ ነበር። ያ ቁጥር ስለዚያ አልጋ እውነት ይናገራል፤ መጋዘን ስላለው አርባ ጆንያ ግን ምንም አይናገርም። ገዢው 86 ብሎ አምኖ ገዝቶ ጭነቱ ሲደርስ ቢቀምሰውና 82 ቢያገኝ፣ 82 በራሱ የሚያሳፍር ውጤት አልነበረም፤ የሚያሳፍረው ቃል የተገባበት 86 ነው።

ቁጥሩን አወጣነው። በምትኩ ባልደረባዬ ወደ መጋዘኑ ሄዶ ከየጆንያው ከላይም ከመካከልም ከሥርም ጥቂት ጥቂት ጀንፈል አስወጣ፤ ሁሉንም ደባልቆ ፈለፈለውና ናሙና አዘጋጀ። እግረ መንገዱንም እርጥበቱን በመለኪያ አየው። ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡና 12 በመቶ ግድም ካለፈ በመንገድ ላይ ይሻግታል ተብሎ ይፈራል። የእኛው 11 ነበር። ስለዚህ በ86 ነጥብ ቦታ ላይ እርጥበቱን፣ የተለካበትን ቀንና ናሙናው ከሁሉም ጆንያ የተወሰደ መሆኑን ጻፍን። ውበቱ ይቀንሳል፤ ግን ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል።

የቀረው «ጥንታዊ ደን» ነው። ለእኛ ሰው ይህ ውዳሴ ነው። ሸካና ከፋ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገቡት ደናቸው ስለተጠበቀ ነው፤ ደንና ቡና በዚህ አገር አብረው የኖሩ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ቡናን ጨምሮ አንዳንድ ምርቶች ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ከተመነጠረ መሬት ያልመጡ መሆናቸው እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የሚጸናበት ቀን ተራዝሟል፤ ቢሆንም አስመጪዎች መረጃውን አስቀድመው መሰብሰብ ጀምረዋል። እንግዲህ «ጥንታዊ ደን ውስጥ» የሚለው ሐረግ ለዚህ አስመጪ ከውዳሴነት ይልቅ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ወዲያው «ደኑን መንጥራችሁ ነው ወይ የተከላችሁት?» ብሎ ይጠይቃል።

ስለዚህ ቡናው የሚበቅልበትን መንገድ በተራ ቃል ገለጽን፤ ነባር ዛፎች ጥላ ሥር፣ አብዛኛው ከአባቶች የተወረሰ ማሳ ላይ። ከዚያ ደንቡ የሚጠይቀውን የማሳ መገኛ ነጥብ አነሣን። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ በአካባቢያችን ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ የአርሶ አደር ማሳ ብርቅ ነው። ባልደረባዬ ከተማሪዎች ጋር ሆኖ የ61 አባላትን ማሳ በስልክ መመዝገቡን ከዚህ ቀደም ነግሮኝ ነበር፤ ረቂቁ ላይ ግን አልጻፈውም፤ ሥራው ስላላለቀ አፈረበት። አባላቱ 96 ናቸው። «ከ96 አባላት የ61ዱ ማሳ መገኛ ተመዝግቧል፤ የቀሩት እስከ ግንቦት ይጠናቀቃሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ገባ። የመርማሪ ሌላው ጥቅም ይኸው ነው፤ ጸሐፊው የናቀውን ጠቃሚ ነገር ከአፉ ያወጣል።

ፊርማውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከሥር የሰው ስም፣ ኃላፊነቱ፣ በ251 የሚጀምር ስልክ ተጻፈ። ባልደረባዬ ራሱን በግልጽ አስታወቀ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር እንደሆነ፣ ማኅበሩን ያለ ክፍያ እንደሚረዳ፣ የሽያጭ ውሉን የሚፈርመው ግን የላኪነት ፈቃድ ያለው ዩኒየን እንደሆነ። ከ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይት አዋጅ ወዲህ አምራቹ ወደ ውጭ የሚልክባቸው መንገዶች ሰፍተዋል፤ ነገር ግን ገዢው ገንዘቡን ለማን እንደሚልክ ከመጀመሪያው ማወቅ ይፈልጋል። ፎቶግራፎቹም ከዘጠኝ ወደ አንድ ወረዱ፤ የማድረቂያ አልጋውን የሚያሳየው ብቻ ቀረ።

ስለ አነጋገሩም ጥቂት ልበል። ኅዳጉ ላይ 17 ማስታወሻ ጻፍሁ፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ይታረም» ወይም «ምርጫ» የሚል ምልክት አደረግሁ። «ይታረም» የሚለው ስድስት ብቻ ነበር፤ እርሱ ካልተስተካከለ ደብዳቤው መሄድ የለበትም ማለት ነው። የቀረው የእኔ ጆሮ ነው፤ ጸሐፊው ቢተወውም አይጎዳም። ይህን ካልለየን ባልደረባችን ሁሉንም እንደ ትእዛዝ ይቀበላል ወይም ሁሉንም ይጥላል። በተቻለ መጠንም በጥያቄ ነው የጻፍሁት፤ «ፈረሱላ አይሉም» ከማለት «የምን ፈረሱላ?» ማለት ይሻላል፤ የጀንፈሉን ነገር ያወጣው ያ ጥያቄ ነው። ዐረፍተ ነገሩን ራሴ ጽፌ ብሰጠው ኖሮ በጥሩ እንግሊዝኛ የተጻፈ 85 ጆንያ እልክ ነበር።

ከ«ምርጫ» ማስታወሻዎቼ አንዱ የመክፈቻው ሰላምታ ነበር፤ ረጅም ነው፣ ይታጠር ብዬ ነበር። ባልደረባዬ አልተቀበለውም። «ያለ ሰላምታ ገበያ የሚገባ የለም» አለኝ፤ ሰላምታው በአንድ መስመር ቀረ።

ያለቀው ደብዳቤ የርእስ መስመሩ «40 ጆንያ ደረቅ ቡና፣ ከማጂ አካባቢ፣ የ2024/25 ምርት፤ ናሙና እንላክ?» የሚል ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ ለዚያ አስመጪ ብቻ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ ስለ ቡናው አምስት ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ ጥያቄው፣ ከዚያ ፊርማው ይከተላል። ስልክ ላይ ሲነበብ አንድ ተኩል ገጽ አይሞላም። ሰኞ መጋቢት 22 ቀን ለአራቱም ለየብቻ ተላከ።

ዝርዝሯ የማትችለውንም ልንገራችሁ። የሌለ ነገር አትፈጥርም። ቡናው በጥንቃቄ ባይደርቅ፣ ነጥቦቹ ባይመዘገቡ፣ ዩኒየኑ ውሉን ለመፈረም ባይስማማ ኖሮ እነዚህን ሁሉ ጥያቄዎች መጠየቅ ረቂቁን ባዶ ያደርገዋል እንጂ አያሻሽለውም። እንዲያ ሲሆን ትክክለኛው ምክር «አትላከው፣ ገና ነው» ነው። ይህን ምክር መስጠት ከባድ ነው፤ ባልደረባችን ሌሊቱን ሲጽፍ እንዳደረ ስለምናውቅ።

ከአራቱ ሁለቱ አልመለሱም። አንዱ ናሙናው እንዲላክለት አድራሻ ሰጠና፣ መፈልፈሉ የሚደረገው እዚህ ነው ወይስ አዲስ አበባ ብሎ ጠየቀ። ሌላው ለዚያ ዓመት ግዢውን እንደ ጨረሰ፣ ነገር ግን በኅዳር፣ ለቀማው ሳያልቅ እንድንጽፍለት በሁለት መስመር መለሰ። ናሙናው በሚያዝያ ሄዷል፤ የኅዳሩን ደብዳቤ ረቂቅ ደግሞ ባልደረባዬ ሰሞኑን ልኮልኛል። በእርሱ ላይ «ፈረሱላ» የሚል ቃል የለም፤ የማሳ ነጥቡ ግን አሁን ከ96 የ88 ነው፤ ስምንቱ ለምን እንደቀሩ ኅዳጉ ላይ ጠይቄዋለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።